ሃያኛው ደቂቃ ላይ የተሰጠ መርፌ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ምክንያቱ በውል የማይታወቅ ክብደት ተጭኖኝ ዋለ። የደሴው ጦሳ ተራራ ከጠዋት ጀምሮ ጉም ለብሶ ስለዋለ ይሆናል፤ ወይም ትናንት ማታ ከእህቴ ጋር በስልክ ያወራነው ነገር ከውስጤ አልወጣ ብሎ ይሆናል፤ እሱን እዚህ አልደግመውም፣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ብቻ ወደ ድንገተኛ ክፍል ስገባ ለማስተማር የሚሆን ትዕግሥት የቀረኝ አልመሰለኝም ነበር። ያ ዝምተኛው ኢንተርን ሕመምተኛዋን ማቅረብ የጀመረው በዚህ ስሜት ውስጥ ሳለሁ ነው።

ሴትየዋ የ31 ዓመት ነጋዴ ናት፤ የመጣችው ከኮምቦልቻ ነው። ግራ ደረቷን ይወጋታል፣ ልቧ ይደልቃል፣ አየር ያጥራታል፣ ከንፈሯና የጣቶቿ ጫፍ ይደነዝዛሉ፣ «አሁን ልሞት ነው» የሚል ፍርሃትም ይይዛታል። ከዚህ በፊትም በዚሁ ሕመም በተለያዩ ቦታዎች ታይታለች። ኢንተርኑ ይህን ሁሉ በጥሩ ቅደም ተከተል ካቀረበ በኋላ «ኢሲጂው ኖርማል ነው፤ ስለዚህ ፓኒክ ዲስኦርደር ነው» ብሎ ዘጋው፤ የልቧ የኤሌክትሪክ ንባብ ደኅና ስለሆነ ሕመሙ ድንገት የሚመላለስ የፍርሃት ጥቃት ነው ማለቱ ነው።

ድምዳሜው ልክ ሊሆን እንደሚችል ነገርኩት፤ ያልተስማማኝ «ስለዚህ» ያለው ነው። አንድ ንጹሕ ኢሲጂ የልብን ጉዳይ አይዘጋም፤ የልብ ደም ሥር የተዘጋበት ሰው የመጀመሪያው ወረቀቱ ምንም ላያሳይ ይችላል። ሕመሙ ካልቆመ ኢሲጂው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ የሚደገመው፣ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምረው ትሮፖኒንም ከሰዓታት በኋላ ዳግመኛ የሚለካው በዚህ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ፓኒክ የሌላው ሁሉ ትራፊ አይደለም። የራሱ መልክ ያለው ሕመም ስለሆነ፣ መልኩ ተፈልጎ መገኘት አለበት። ሁለቱን ፍለጋዎች አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው እንደ መሄድ ሳይሆን፣ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጎን ለጎን ማካሄድ ይቻላል።

ስለዚህ ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና ውኃ ከየት እንደምትቀዳ ጠየቅኋት። ተማሪዎቹ ተያዩ። ቧንቧው ሲጠፋ ከሠፈሯ ግርጌ ሃያ ሊትር ጀሪካን ተሸክማ ዳገቱን እንደምትወጣ ነገረችኝ። ያን ጊዜ ደረቷን ያማት እንደሆነ ስጠይቃት «ያን ጊዜማ ምን ይነካኛል ዶክተር፤ እኔን የሚይዘኝ ቁጭ ባልኩበት ነው» አለች። በዚህ አገር ሰውን እያስኬዱ ልቡን የሚያዩበት የትሬድሚል ምርመራ በየቦታው ስለሌለ ዳገቱንና ጀሪካኑን መጠየቅ ግድ ነው። ባለፈው ሰሞን ያየኋቸው፣ የልብ ሕመማቸው ጨጓራ ተብሎ የጨጓራ መድኃኒት ሲወስዱ የከረሙ አንድ አባት ታሪካቸው የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ ዳገት ሲጀምሩ ደረታቸውን ይጫናቸዋል፣ ድንጋይ ላይ አረፍ ሲሉ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይለቃቸዋል፣ ሲነሡ ደግሞ ይመለሳል። እጃቸውን ጨብጠው ደረታቸው ላይ እያስቀመጡ ነበር የሚያስረዱኝ። ይህ ሲባል ግን በዕረፍት የሚመጣ ሕመም የልብ አይደለም ማለት እንዳልሆነ ለተማሪዎቹ ደጋግሜ ተናገርኩ፤ እየባሰ የሄደ የደም ሥር ጥበት ቁጭ ባሉበትም ያማል። በጣት ሲጫኑት የሚያም ደረትም እንዲሁ ነው፤ የልብ የመሆኑን ዕድል ይቀንሰዋል እንጂ በሩን አይዘጋውም።

በ31 ዓመት ሴት ላይ የደም ሥር መዘጋት ብዙ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። እኔን በዚህ ዕድሜ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፤ አንደኛው የምት መዛባት፣ ሁለተኛው በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚቀር የቫልቭ ጥበት። ሁለቱም የወጣት ሴቶች ሕመም ናቸው፣ ሁለቱም ልብን ያስደልቃሉ፣ ሁለቱም «ጭንቀት ነው» ተብለው ለዓመታት ሊሸኙ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ በታተመ አንድ ጥናት ላይ ከላይኛው የልብ ክፍል የሚነሣ ድንገተኛ ፈጣን ምት ካለባቸው ሰዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የፓኒክ ዲስኦርደርን መስፈርት አሟልተው ተገኝተዋል። መስፈርቱን መቁጠር ብቻውን አያድንም ማለት ነው።

ስለዚህ ልቧ በዚያ ሰዓት እንዴት እንደሚመታ በጣቷ የአልጋውን ጠርዝ እየመታች እንድታሳየኝ ጠየቅኋት። ጣቷ ቀስ ብሎ ጀምሮ እየፈጠነ ሄደ፤ ሲያበቃም ቀስ እያለ በረደ። የምት መዛባት ቢሆን ኖሮ ብዙውን ጊዜ እንደ አምፖል ነው፤ በአንድ ቅጽበት ይበራል፣ በአንድ ቅጽበት ይጠፋል። ምቱም በደቂቃ ከ150 እስከ 250 ይደርሳል፣ አንዳንዶቹ አንገታቸው ላይ ሲደልቅ ይታያል፣ ካለፈ በኋላም ደጋግመው ይሸናሉ። ይህን ሁሉ ከራሷ አፍ ሰምቶ ከመመዘን የሚበልጠው ግን በሕመሙ መካከል የተነሣ ኢሲጂ ነው። ወረቀቱን አገላብጬ ሳየው ሲስተር ዘ. በእስክሪብቶ «ሕመሙ እንዳለ የተነሣ» ብላ ሰዓቱን ጽፋበታለች። ምቱ በደቂቃ 118 ነው፣ ከእያንዳንዱ ምት በፊት፣ ምቱ ከተለመደው ቦታ መነሣቱን የሚያሳይ ሥርዓቱን የጠበቀ ፒ ሞገድ አለ። ኢንተርኑ ኖርማል ያለው ወረቀት በእውነቱ ከኖርማል ይልቅ የሚናገረው ብዙ ነበር፤ ሴትየዋ እየፈራች ሳለ ልቧ ፈጠነ እንጂ ምቱ አልተዛባም። ያቺ በእስክሪብቶ የተጻፈች መስመር ባትኖር ግን ወረቀቱ ሕመሙ ካለፈ በኋላ የተነሣ ይሁን አይሁን ማንም አያውቅም ነበር፤ ከሕመሙ በኋላ የተነሣ ኢሲጂ ደግሞ በሕመሙ ጊዜ ስለነበረው ምት ብዙ አይነግርም።

አንድ ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከእንቅልፏ እንዳባነናት ስትናገር አንዷ ተማሪ ቶሎ ብላ ቫልቩን አነሣች፤ ደስ አለኝ። ልብ የደከመበት ወይም ቫልቭ የጠበበበት ሰው ሌሊት አየር አጥሮት ይነሣል፣ ያስለዋል፣ ቁጭ ሲል ወይም መስኮት ሲከፍት ይሻለዋል፣ ትራሱንም እየደራረበ ይተኛል። ይህች ሴት ባንድ ትራስ ትተኛለች፤ ቁጭ ማለትም መጋደምም አልለወጠላትም። ቢሆንም ምቷ ሲረጋ በግራ ጎኗ አስተኝተን፣ የማዳመጫውን ትንሹን ጎን የልቧ ጫፍ ላይ በስሱ አሳርፈን በየተራ አዳመጥን። በጀርባዋ እንደተኛች በልብስ ላይ የሚያዳምጥ ሰው ያንን ዝቅተኛ ጉርምርምታ መቼም አይሰማውም። ምንም አልሰማንም፤ ሆኖም ጆሮ ስለሚያመልጠው የልብ አልትራሳውንድ የሆነው ኢኮ አንድ ጊዜ እንዲሠራላት ጻፍን። የደም ማነስ፣ የእንቅርትና የደም መርጋት ምልክት ፍለጋ የዓይኗን ሽፋን፣ አንገቷን፣ እግሮቿን አይተን ስለ ወሊድ መከላከያ፣ ስለ ጫትና ስለ ቡና ጠየቅን፤ የሚያሳስብ ነገር አልተገኘም።

ከዚያ የፓኒክን መልክ ፈለግን። ጥቃቱ በደቂቃዎች ውስጥ ጫፉ ላይ ይደርሳል፤ ከተዘረዘሩት 13 ምልክቶች ቢያንስ አራቱ መኖር አለባቸው፤ እሷ ከዚያ በላይ ነበራት። የከንፈሯና የጣቷ መደንዘዝ ተማሪዎቹን የደም ዝውውር ችግር አስመስሏቸው ነበር። በፍርሃት ቶሎ ቶሎ ስትተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከልኩ በላይ ታስወጣለች፣ ደሟ አልካላይን ይሆናል፣ ነጻው ካልሲየም ይቀንሳል፣ ነርቮቿም ያለ ልማዳቸው ይነዝራሉ። አየር ያጠራት እየመሰላት የምትስበው አየር ግን ከሚያስፈልጋት በላይ ነው። (አፍ ላይ ከረጢት መድፋት አሁንም የሚመክር ሰው አለ፤ ሕመሙ የልብ ወይም የሳንባ ደም ሥር ሆኖ ከተገኘ ኦክስጅን መንሣት ስለሚሆን አትሞክሩት።) ከሁሉም በላይ ግን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ነገር ነው ያሳመነኝ። አንዱ ጥቃት ዳገቱ መካከል ሚኒባስ ውስጥ ከያዛት ወዲህ፣ ሰኞ ገበያ ዕቃ የምታመጣው ራሷ የነበረችው ሴት ከሁለት ወር በላይ ወንድሟን ትልካለች። ያለ ምክንያት የሚመላለስ ጥቃት፣ ከዚያም አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ «ይመለስብኝ ይሆን» እያሉ መስጋት ወይም አኗኗርን መለወጥ፤ በሽታውን ፓኒክ ዲስኦርደር የሚያሰኘው ይህ ነው። ደረቷ ላይ ብቻ ያተኮረ ጠያቂ የሚኒባሱን ነገር አያገኘውም።

እዚህ ላይ ኢንተርኑ ደብተሩን አይቶ «ባለፈው ጊዜ መርፌ ሲወጓት ነው የለቀቃት፤ እሱስ ማስረጃ አይሆንም?» አለ። ከዚያ ጥያቄ ወዲህ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ጥቃቱ በግማሽ ሰዓት ገደማ በራሱ ይበርዳል። ሰው ፈርቶ፣ ተሸካሚ ፈልጎ፣ መኪና አግኝቶ፣ ካርድ አውጥቶ አልጋ ላይ እስኪወጣ ሃያው ደቂቃ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ የተሰጠው ሁሉ ያዳነ ይመስላል። ማረጋጊያው ዲያዜፓም ቢሆን፣ ጠበል ቢሆን፣ የሲስተር ዘ. «አብሽሪ» ቢሆን፣ የእኔ ነጭ ጋዋን ቢሆን። በልብ ሕመምም ያው ነው፤ ከምላስ ሥር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን አስታገሰው ማለት ሕመሙ የልብ ነው ማለት አይደለም፣ የጉሮሮ ቱቦ ቁርጠትንም ያስታግሣልና። መድኃኒት ሰጥቶ በውጤቱ ምርመራ መሥራት በሁለቱም በኩል ያሳስታል።

ግን እንደዚያ ከሆነ ኢሲጂውም ከመርፌው በምን ይለያል? ተነሥቶላት፣ «ልብሽ ደኅና ነው» ተብላ፣ ቀሎላት ትሄዳለች፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ እሱኑ ፍለጋ ትመጣለች። አዲስ የደረት ሕመም ይዞ ለመጣ ሰው ሁሉ በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ ይነሣ ብዬ የማስተምረው እኔ ነኝ። ፍርሃቷን በምርመራ አትመግቡት የምለውም እኔ ነኝ። «ታዲያ በሚቀጥለው ስትመጣስ ዶክተር?» አለኝ ኢንተርኑ። ሕመሙ ከቀድሞው የተለየ መሆን አለመሆኑን ጠይቀህ፣ አንድ ኢሲጂ አንሥተህ፣ የሥነ አእምሮ ቀጠሮዋን አስታውሳት አልኩት። «በ45 ዓመቷ፣ ስኳር ይዟት ብትመጣስ?» አለኝ። ያን ጊዜማ ፓኒኩ የልቡን መከላከያ አይሆንም፣ ሁለቱም አንድ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ አልኩ። ከ31 እና ከ45 መካከል መስመሩ የት እንደሚያልፍ ግን አልነገርኩትም፤ አላወቅኹትምና።

ይህን ስጽፍ ግራ ደረቴን ወጋ አደረገኝ። በጣቴ ጫን አድርጌ ዳሰስኩትና አመመኝ፤ «ጡንቻ ነው» ብዬ መጻፌን ቀጠልኩ። ዕድሜዬ 52 ነው፣ ጠዋት ዳገቱን ስወጣ ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ፣ ኢሲጂ ደግሞ አልተነሣሁም።