ብትርና

ዛሬ ደግሞ ያ ስሜት መጣብኝ። ታሞ ያልታመመ፣ ተናዶ ያልተናደደ ሰው ስሜት። ጅማ ከቀትር በኋላ እንደ ልማዷ ዶፉን ስታወርደው ቢሮ መመለሱን ትቼ ቤት ቀረሁ። መብራትም ጠፋ። ስለዚህ ስሜት ነበር ልጽፍ የተነሳሁት፤ ግን ልጁ መጥቶ «አክስቴ፣ ካርቶኑን አውጪው» አለኝና አለቀ።

ካርቶኑ የሚባለው የእኔ ሥራ ነው። አንድ ሰው ከውጭ የላከልን ቦግል የሚባል ጨዋታ አለ፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ፊደል የተጻፈባቸው አሥራ ስድስት ዳይ አራት በአራት በሆነ ሣጥን ውስጥ ተናውጠው ይቀመጣሉ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ከአንዱ ፊደል ወደ ጎረቤቱ (ወደ ጎንም፣ ወደ ላይ ወደ ታችም፣ በማዕዘንም) እየተሻገሩ ቃል መፈለግ ነው። አንዱን ዳይ በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ጊዜ መርገጥ ክልክል ነው። ከሦስት ፊደል ያነሰ አይቆጠርም። ሁለት ሰው አንድ ቃል ካገኘ ደግሞ ከሁለቱም ይሰረዛል፤ የምወደው ሕግ ይሄ ነው፣ ክፋት አለበት።

እኔ በአማርኛ ይሁን አልኩ። አፌ እንጂ እጄ የሚያስበው አልነበረም። አሥራ ስድስት ዳይ ስድስት ስድስት ፊት ቢኖራቸው 96 ነው። የኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናል፣ ዲቃሎቹን ሳልጨምር። ሁሉም ቦታ ይድረሰው ብል እንኳ አይበቃም። እንዳው በዕጣ ቢወጣማ ሣጥኑ በጱ፣ በዤ፣ በጬ ይሞላና ሦስቱ ደቂቃ በዝምታ ያልፋል። ስለዚህ ዳዩን ትቼ የካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፍኩ፣ ከረጢት ውስጥ ጨመርኩ፣ አብዛኛውንም ሳድስ አደረግሁት። አንድ ገጽ አማርኛ ገልጣችሁ እዩ፤ ሳድስ ያልበዛበት የት አለ?

ዛሬ የወጣው ይሄ ነበር፦

ሰ ላ ም ህ
ል ብ ት ር
ስ ግ ና መ
ዛ ጅ ቡ ን

ከአሥራ ስድስቱ አሥሩ ሳድስ። ልጁ ወዲያው «ሰላም» ብሎ ጻፈ፤ ከላይ ቀጥ ብሎ ተኝቷል፣ ማንም ያየዋል፣ ስለዚህ ተሰረዘ። እኔ ዓይኔን መሐል ላይ ነው የማሳርፈው። የማዕዘን ፊደል ሦስት ጎረቤት ብቻ አለው፣ የዳር አምስት፣ የመሐል ግን ስምንት። እዚህ ብ እና ት መሐል ገብተዋል፤ ማለፊያ ዕድል። ከብ ተነስቼ ወደ ት፣ ከት ወደ ር፦ ብትር። ከም በማዕዘን ወደ ር ወርጄ ወደ ት ስመለስ፦ ምርት። ሰ ብን ነክቶ ወደ ል ሲታጠፍ ሰብል። ከት በማዕዘን ወደ ግ፣ ከዚያም ወደ ል፦ ትግል። ልብስም አለ። ሌላው ልማዴ የረገጥኩትን መንገድ ወደኋላ ማንበብ ነው። ላብ ሲገለበጥ ብላ፣ ልብ ሲገለበጥ ብል። ሦስት ፊደል ላይ ሲደርስ ግን የፊደሉ ቤት ያግደኛል፤ ሰላም ተገልብጦ ምንም አይሆን።

የሚያናድደው የሚታየውና የማይያዘው ነው። ት፣ ም፣ ህ፣ ር ተከታትለው ዙሪያውን ከበው ተቀምጠዋል፤ ከር ቀጥሎ ት ይፈለጋል፣ ት ደግሞ ተረግጣለች። ትምህርት አንድ ፊደል ጎሎት ቀረ። ልጁ «ተመልሼ ብረግጣትስ?» አለ፤ አይቻልም። ግዛትም እንዲሁ፦ ግ ከዛ ጋር በማዕዘን ይገናኛል፣ ዛ ግን ጥግ ላይ ተወሽቃ ት የት አገኘቻት? ልጅ የሚለውንማ ልጁ ራሱ ሦስት ጊዜ ጻፈ ሰረዘ። ል እና ጅ መሐላቸው አንድ ረድፍ አለ። ባለ ሦስት ፊደል መንገድ በዚህ ሣጥን ውስጥ በጠቅላላው 408 ነው፣ ቆጥሬዋለሁ፤ ባለ አራቱ 1764 ነው ይባላል፣ እሱን አልሞከርኩትም። ታዲያ ከዚያ ሁሉ መንገድ ቃል የሚሆነው እፍኝ ነው።

ከዚያ «መርህ» ብዬ ጻፍኩ፤ መ፣ ር፣ ህ፣ ከታች ወደ ላይ ቀጥ ያለ። እማዬ ከምድጃው አጠገብ ሆና «መርሕ በሐመሩ ሐ ነው» አለች። የቄስ ልጅ ናት፤ ከእሷ ጋር በዚህ አይገባም። «ትምህርት ነው በሃሌታው ሀ» ብላ ጨመረች። ትክክል ናት፣ ግን የትምህርትን ት ማን ያምጣልኝ! እሷ እንዳለችው ብንሄድ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን ለየብቻ መቁረጥ ሊኖርብኝ ነው፤ ከረጢቱ ደግሞ ጠቧል። በቤታችን ድምፃቸው አንድ የሆነ እንደ አንድ ይቆጠራል ብዬ ወሰንኩ። እማዬ ፊቷን አዞረች፤ ቃሉ ግን ነጥብ አገኘ።

የፊደል ብዛቱንም ቀይረናል። ሦስት ይሁን ካልን ቡና አይገባም። ቡ ታች፣ ና ከላዩ፣ እንዲህ ተጠጋግተው! ስለዚህ ባለ ሁለቱ አንድ ነጥብ፣ ባለ ሦስቱ ሁለት፣ ባለ አራቱ አምስት። አምስቱ ነጥብ ነው ጦሱን ያመጣው።

ልጁ ወረቀቱን ሲገልጥ «ብትርና» ይላል። ብ፣ ት፣ ር፣ ከዚያ በማዕዘን ና። መንገዱ ንጹሕ ነው።

«ብትርና ምንድን ነው?»

«ብትር እና።»

«እናን ቀጥለህ ነጥብ የለም። እንዲያማ ከሆነ እኔም ምርትና፣ ልብና፣ ግብና አለኝ።»

«እሺ፣ እና አይደለም። ሙያ ነው። ግብርና ካለ ብትርና ለምን አይኖርም?»

እማዬ ሳቀች። እኔ መልስ አጣሁ። ሙያውን አስረዳኝ ብለው «በብትር መተዳደር፣ እንደ እረኛ፣ እንደ ዘበኛ» አለኝ። ይኸው ከመዝገበ ቃላት በላይ ግልጽ አድርጎ ተረጎመው። አምስት ነጥቡን ከልክዬ አሸነፍኩት፤ ሲያኮርፍ ግን ያሸነፍኩ አልመሰለኝም።

ጎረቤታችን ያለችው ልጅ ደግሞ መጥታ በቁቤ እንጫወት ትላለች። እሱ ሌላ ጣጣ ነው፦ ቁቤ የሚጠብቀውን ፊደል ሁለት ጊዜ ይጽፋል፤ የከተማችን ስም እንኳ ሁለት ኤም ጎን ለጎን ይፈልጋል። የላኩልን ዳይ ላይ ያ አይገጥምም ማለት ይቻላል። ደግሞ እንደ ዲኤች ያሉትን ጥንዶች አንድ ፊት ላይ መጻፍ ሊኖርብኝ ነው፤ እንግሊዝኛው ኪውን ከዩ ጋር እንዳጣበቀው። ነገ እቆርጣለሁ አልኳት። የቢሮው ሪፖርት ነገ የሚደርስ ስለሆነ ነው እንዲህ የምለው መሰለኝ።

አሁን የቸገረኝ ና ነች። ከረጢቱ ውስጥ ከተውኳት ልጁ ነገም ሰብልና፣ ትግልና፣ ብትርና እያለ ሙያ ሲፈጥር ሊውል ነው። ካወጣኋት ቡናም አብራ ትወጣለች፤ ጅማ ተቀምጦ ቡና የማይገኝበት ጨዋታ ደግሞ ማን ይጫወታል? ወይስ እሱን ብቻ እማዬ ትፍረድ? እሷማ መጀመሪያ ሐመሩን ሐ አምጪ ነው የምትለኝ።