«ቢግ ሬድ» እንጂ «ሬድ ቢግ» አይደለም፦ የእንግሊዝኛ ቅጽሎችን ቅደም ተከተል ስናስተምር የያዘልንና ያልያዘልን

በእንግሊዝኛ ከአንድ ስም በፊት ሁለት ሦስት ቅጽል ሲደረደር የተናጋሪው አስተያየት ይቀድማል፤ መጠን ይከተላል፤ ቀለም ከስሙ ጎን ይቀመጣል። «ኤ ላቭሊ ቢግ ሬድ ባግ» ያለምንም እንከን ያልፋል። «ኤ ሬድ ቢግ ላቭሊ ባግ» ግን ሰሚው ቢረዳውም ጆሮውን ይጎረብጠዋል።

ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ይህን የሚያቀርቡት በስምንት መደብ ነው፦ አስተያየት፣ መጠን፣ ዕድሜ፣ ቅርጽ፣ ቀለም፣ መነሻ፣ የተሠራበት ነገር፣ አገልግሎት። የመደቦቹን የእንግሊዝኛ መነሻ ፊደላት አገጣጥሞ «ኦሳስኮምፕ» እያሉ ማስሸምደድም የተለመደ ነው። ለጀማሪ ግን ይህ ዝርዝር አይበጅም። የሚናገር ሰው አፉ ላይ የመጣውን ቃል ይዞ ስምንት መደብ የሚቆጥርበት ጊዜ የለውም። በዚያ ላይ መጻሕፍቱ ራሳቸው ዕድሜና ቅርጽ ላይ ሁልጊዜ አይስማሙም። በንግግርም ሆነ በጽሑፍ ከአንድ ስም በፊት ከሁለት ቅጽል በላይ መደርደር እምብዛም አይታይም። ስለዚህ ሦስቱን መደቦች ብቻ ይዞ፣ እነሱን እስኪናገሯቸው ድረስ መሥራት ያዋጣል።

ሦስቱን የሚያስተሳስር አንድ ሐሳብ አለ፤ ተማሪ እሱን ከያዘ ዝርዝር መሸምደድ አያስፈልገውም። የነገሩ የራሱ የሆነው ባሕርይ ወደ ስሙ ይጠጋል፤ የተናጋሪው የሆነው ይርቃል። የቦርሳው ቀይነት ቦርሳው ላይ ያለ ነው፤ ማንም አይቶ ይስማማበታል። ትልቅነቱ ከሌሎች ቦርሳዎች ጋር ሲነጻጸር የሚታወቅ ነው። ማማሩ ግን ተመልካቹ ዘንድ ነው፤ ሁለት ሰዎች ሊከራከሩበት ይችላሉ። ይህን ወደ ሦስት ጥያቄ መለወጥ ይቻላል፦ «ያከራክራል?»፣ «ከሌላ ጋር ይለካል?»፣ «እንዲሁ ይታያል?» የሚያከራክረው ከስሙ ርቆ፣ የሚለካው መሐል፣ የሚታየው ከስሙ አጠገብ። ተማሪው አዲስ ቅጽል ሲገጥመው፣ ለምሳሌ «ሆሪብል» ወይም «ታይኒ» ሲሰማ፣ መደቡን የሚያገኘው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ። መነሻው ከአስተያየት ሳይሆን ከመጠንና ከቀለም መሆን አለበት። ምክንያቱ ሁለቱም በሥዕል ስለሚታዩ ነው፤ መምህሩ ማስረዳት ሳያስፈልገው ተማሪው ትልቁን ቀይ ከትንሹ ቀይ ይለያል። ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሁለት የመጠን ቃላት፣ አራት የቀለም ቃላትና ስድስት የሚታወቁ ስሞች ይበቃሉ። አዲስ ቃልና አዲስ ቅደም ተከተል በአንድ ቀን ከተጫኑ ሁለቱም ስለሚፈስሱ፣ ቃላቱ ተማሪው ቀድሞ የሚያውቃቸው ይሁኑ።

ሐረጉን ከግራ ወደ ቀኝ ከማስደገም ይልቅ ከስሙ ተነሥቶ ወደ ኋላ መገንባት ይሻላል። መምህሩ «ባግ» ይላል፤ ቀጥሎ «ሬድ ባግ»፤ ቀጥሎ «ቢግ ሬድ ባግ»፤ በመጨረሻ «ኤ ቢግ ሬድ ባግ»። እያንዳንዱ ድግግሞሽ የተለመደውን ቁራጭ መጨረሻው ላይ ስለሚይዝ ተማሪው ቀለሙ ስሙ ላይ እንደተጣበቀ በጆሮው ይለምደዋል። ሌላም ጥቅም አለው፦ አርቲክሉ የሚወሰነው ከሱ ቀጥሎ ባለው ድምፅ እንጂ በስሙ እንዳልሆነ ይጋለጣል። «ኤ ሬድ ባግ» የነበረው «አግሊ» ሲጨመርበት «አን አግሊ ሬድ ባግ» ይሆናል። ይህን ለብቻ ማስተማር ሳያስፈልግ እዚሁ ላይ ይያያዛል።

ካርድ ለሚጠቀም አንድ ማሳሰቢያ፦ የመደብ ካርዶችን በቀለም መለየት፣ አስተያየትን በቢጫ፣ መጠንን በአረንጓዴ፣ መልካም ይመስላል እንጂ ጉዳት አለው። ተማሪው ቃሉን ሳያነብ የወረቀቱን ቀለም አይቶ ይደረድራል፤ ካርዱ ሲነሣ ቅደም ተከተሉም አብሮ ይሄዳል። ካርዶቹ ሁሉ ነጭ ይሁኑ፤ የስሙ ካርድ ብቻ በወፍራም ጥቁር መስመር ይከበብ። ስሙን የያዘው ተማሪ በተመልካቾቹ በስተቀኝ ጫፍ ይቆማል፤ ሌሎቹ አንድ በአንድ እየመጡ በሱ በኩል ይጠጋሉ ወይም ይርቃሉ። የቆሙት ተማሪዎች ፊታቸውን ወደ ክፍሉ ስለሚያዞሩ ለእነሱ ቀኝና ግራው ይገለበጣል፤ ስለዚህ «ወደ ስሙ ተጠጋ» እንጂ «ወደ ግራ ሂድ» አይባል።

አስተያየት የሚገባው በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ብዙ መልመጃ የሚሰናከልበት ነጥብ አለ፦ አስተያየት በሥዕል አይሳልም። የተቀደደ ቦርሳ ሥሎ «አግሊ» በሉ ማለት ተማሪውን የመምህሩን አስተያየት እንዲገምት ማድረግ ነው። የተሻለው መንገድ አስተያየቱን ለተማሪው መተው ነው። እንዲህ ይሠራል፦ እያንዳንዱ ጥንድ አራት ሥዕል ያለው ወረቀት ይይዛል፦ ትልቅ ቀይ ቦርሳ፣ ትንሽ ቀይ ቦርሳ፣ ትልቅ ጥቁር ቦርሳ፣ ትንሽ ጥቁር ቦርሳ። እያንዳንዱ ተማሪ ለጓደኛው ሳያሳይ ሁለቱን «ላቭሊ»፣ ሁለቱን «አግሊ» ብሎ ምልክት ያደርጋል። አንደኛው ይጠይቃል፦ «ኢዝ ዘ ቢግ ሬድ ባግ ላቭሊ?» ሌላኛው በ«የስ» ወይም በ«ኖ» ይመልሳል። ጠያቂው ያገኘውን ይጽፋል፦ «ኤ ላቭሊ ቢግ ሬድ ባግ»፣ «አን አግሊ ስሞል ብላክ ባግ»። አራቱ ሲያልቁ ወረቀታቸውን ያስተያያሉ።

የዚህ መልመጃ ጉልበት ያለው ቅጽሎቹ ሁሉ ሥራ ስላላቸው ነው። ከአራቱ ሥዕሎች አንዱን ለመለየት መጠንም ቀለምም የግድ ያስፈልጋሉ፤ «ዘ ሬድ ባግ» ብቻ ቢል ጓደኛው «የትኛው?» ማለቱ አይቀርም። አስተያየቱ ደግሞ ጠያቂው በእርግጥ የማያውቀው ነገር ነው። በሰሌዳ ላይ ተበታትነው የተጻፉ ቃላትን አስተካክሎ መጻፍ ግን ይህ የለውም። ተማሪው እንደ ሒሳብ ስሌት ፈትቶ አሥር ከአሥር ያገኛል፤ ከዚያ ከክፍል ሲወጣ «ሬድ ቢግ» ይላል። ያንን መልመጃ ለማሟሟቂያ መጠቀም ይቻላል፤ ለመመዘኛ ግን አይታመንም።

ሲሳሳቱ የሚታየው በአብዛኛው ቀለምን ማስቀደም ነው። ዓይን ቀድሞ የሚያየው ቀለም በመሆኑ አፍም ቀድሞ ያወጣዋል። እርማቱ ቀላል ነው፦ መምህሩ ስሙን ብቻ ይልና ይጠብቃል፤ ተማሪው ከስሙ ወደ ኋላ ራሱ ይገነባዋል። ውይይት መሐል ከሆነ ግን ባይነካ ይመረጣል፤ ይህ ስሕተት መልእክት አያደናቅፍም፣ ተማሪን ማቋረጥ ግን ያደናቅፋል።

ሌላው «ኤንድ» መጨመር ነው፦ «ኤ ቢግ ኤንድ ሬድ ባግ»። ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ «ዘ ባግ ኢዝ ቢግ ኤንድ ሬድ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው። ከ«ኢዝ» በኋላ ሁለት ቅጽል ሲመጣ «ኤንድ» ያስፈልጋል፤ ከስም በፊት የተለያየ መደብ ያላቸው ሲደረደሩ አያስፈልግም። ከላይ ባለው መልመጃ ተማሪው «ኢዝ» ያለበትን ጥያቄ ወደ ሐረግ ስለሚለውጥ ልዩነቱ እጁ ላይ ነው። ሁለት ቀለም ሲገናኝ ግን «ኤንድ» ይመለሳል፦ «ኤ ቢግ ብላክ ኤንድ ዋይት ካት»።

አማርኛ ተናጋሪ ላይ የሚጠበቅ ስሕተትም አለ። ቅጽል ከስም መቅደሙ ለኛ አዲስ አይደለም፤ እኛ ግን ለብዙ ቁጥር ቅጽሉንም «ትልልቅ ቀያይ ቦርሳዎች» እያልን እናበዛለን። በእንግሊዝኛ ብዜቱን የሚሸከመው ስሙ ብቻ ነው፤ «ቢግ ሬድ ባግስ»። «ቢግ ቢግ ባግስ» ወይም «ሬድስ ባግስ» የሚል ተማሪ የሳተው ቅደም ተከተሉን ሳይሆን ይህንን ነው፤ እርማቱም ለየብቻ ይሁን።

የምሳሌ ቃል አመራረጥ ላይ ራሱ መምህሩ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። «ፕሪቲ» ለአስተያየት ምሳሌ እንዲሆን በቀላሉ ይመረጣል፤ ነገር ግን «ኤ ፕሪቲ ቢግ ሬድ ባግ» ሲባል ሰሚው የሚረዳው «ቆንጆ» ሳይሆን «ትልቅ የሚባል» ነው። ከመጠን ቃል በፊት ሲገባ «ፕሪቲ» ቅጽልነቱን ትቶ መጠኑን የሚያጠናክር ይሆናል። «ላይት» እንዲሁ ነው፤ «ኤ ላይት ብሉ ባግ» ፈዛዛ ሰማያዊ ሊሆን ይችላል፣ ቀላል ክብደት ያለውም ሊሆን ይችላል። «ላቭሊ»፣ «ሆሪብል»፣ «አግሊ»፣ «ቢዩቲፉል» ከዚህ ችግር ነጻ ናቸው።

ጎበዝ ተማሪ «ታዲያ ‹ቢግ ባድ ዉልፍ› ለምን ተባለ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ትክክል ነው፤ «ባድ» አስተያየት ሆኖ ሳለ ከመጠን በኋላ መጥቷል። የተለመደው ማብራሪያ በድምፅ በኩል ነው፤ እንግሊዝኛ «ቲክ ቶክ»፣ «ዚግ ዛግ» እያለ «ኢ» ያለበትን ቃል ማስቀደም ይወዳል፣ ሐረጉም በዚሁ ተጠናክሮ ቀርቷል። ማነጻጸር ሲያስፈልግም ቅደም ተከተሉ ሊላላ ይችላል፤ ከትንንሾቹ መሐል ሰማያዊው ሳይሆን ቀዩ ለማለት «ዘ ሬድ ስሞል ዋን» ተብሎ «ሬድ» ላይ ድምፅ ሊጠነክር ይችላል። ሁለቱንም ለጠየቀ መመለስ እንጂ በትምህርቱ ውስጥ ማስገባት አያስፈልግም።

መያዙን ለማወቅ ከሳምንት በኋላ ስለ ቅጽል አንድም ቃል ሳይነገር ሥዕል ይሰጥ። ለምሳሌ አራት ወንበሮች በመጠንና በቀለም ተለያይተው፣ ተማሪው የወደደውን አንዱን ለጓደኛው በቃል እንዲገልጽ። «ኤ ቢግ...» ብሎ ቆም ካለ በኋላ ቀለሙን ካመጣ መንገዱን ይዟል፤ ፍጥነቱ ይመጣል። «ኤ ሬድ...» ብሎ ጀምሮ ራሱ ካረመም እንደዚያው። ሳያቆም «ኤ ሬድ ቢግ ቼር» ካለ ግን ወደ ኋላ የመገንባቱ ልምምድ ይደገም፤ በዚያ ጊዜ አዲስ መደብ አይጨመር። ያለፈ ክፍል ቀጥሎ ዕድሜን ይውሰድ፤ «ኦልድ» እና «ኒው» ብቻ፤ ቦታው በመጠንና በቀለም መሐል ነው፣ «ኤ ቢግ ኦልድ ብራውን ቼር»። አስተያየቱ ለዚያ ክፍለ ጊዜ ይቅር፤ አራት ቅጽል በአንድ ሐረግ ለማንም ይከብዳል።