የ207 ቁልፍ

ጎንደር፣ የከተራ ዕለት። ሆቴላችን ባሉት 46 ክፍሎች ለ48 ሰው አስይዘናል። በአዘቦት ቀን ሁለት ሦስት ሰው ሳይመጣ ስለሚቀር፣ የክፍል ማስያዣው ኃላፊ ሁልጊዜ ሁለት ይጨምራል። በጥምቀት የሚቀር ሰው እንደማይኖር ስነግረው «እስካሁን ምን ሆነ?» ብሎኝ ነበር። በዕለቱ ስልኩን ዘግቶ ታቦት ሊሸኝ ወጣ።

ጠዋት አንድ ደግ ነገር ሠርቻለሁ፤ ፒያሳ አካባቢ በደረጃ ከእኛ የማያንስ ሆቴል ደውዬ፣ ሒሳቡን እኛ የምንከፍለው አንድ ክፍል አስያዝኩ። እስኪመሽ ብጠብቅ ኖሮ በከተማው አልጋ አይገኝም ነበር። ቀትር ላይ አንድ እንግዳ ሰረዘ። ምሽት 1 ሰዓት ላይ የ207 ቁልፍ ብቻ ቀረ፤ የምንጠብቀው ግን ሁለት ሰው ነው። አንዷ ከደብረ ማርቆስ ለአንድ ሌሊት የሚመጡ ጡረተኛ መምህርት ናቸው፤ ሌላው በአስጎብኚ ድርጅት በኩል ሦስት ሌሊት የያዘ፣ ከላሊበላ በመኪና የሚመጣ የውጭ ዜጋ።

መመሪያችን የሚዛወረው አንድ ሌሊት የሚያድረው ነው ይላል፤ ብዙ ቀን የሚቆየውን ነገ እንደገና ሻንጣ እንዳናስጠቀልለው። ዝቅ ብሎ ደግሞ ብቻዋን የመጣችን ሴት በምሽት አታዛውሩ ይላል። ሁለቱ ሲጋጩ የትኛው እንደሚቀድም አይናገርም። እኔ የሚመቸኝን አነሳሁ።

መምህርቷ ቀድመው ደረሱ። ወደ ጎን ወስጄ ወንበር ሰጠኋቸው፤ ቅድሚያ ክፍያቸው እንደሚመለስ፣ የሌሊቱን ሒሳብና መኪናውን እኛ እንደምንችል አስረዳሁ። በጸጥታ ሰሙኝና ዓይናቸውን ከኋላዬ ወዳለው የቁልፍ መስቀያ ላኩ።

«ያ ቁልፍ የማን ነው፣ ልጄ?»

«የሚመጣ እንግዳ አለ፣ እትዬ።»

«እኔስ መጥቼ የለም እንዴ?»

ስለ ሦስት ሌሊትና ስለ አንድ ሌሊት ተንተባተብኩ።

«እሱ ይጮህብሃል፤ እኔ አልጮህም። እሱን ነው ያሰላኸው» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

ቢጮሁብኝ በወደድኩ።

ሾፌሩን ቁልፍ እጃቸው ሳይገባ እንዳትመለስ አልኩት፤ አልተመለሰም። የረሳሁት ስልኩን ነው። ስማቸውንና የተዛወሩበትን ሆቴል ለስልክ ተቀባዩ መንገር ነበረብኝ። ማታ 4 ሰዓት ልጃቸው ስትደውል «በዚህ ስም የገባ ሰው የለም» ተባለች። ሁለተኛ ስትደውል እያለቀሰች ነበር፤ ያን ጊዜ እኔ አነሳሁት።

ጠዋት ኃላፊው መዝገቡን ገልጦ አየና «በመመሪያው መሠረት ነው የሠራኸው» ብሎ አመሰገነኝ። የላሊበላው እንግዳ መኪናው ተበላሽቶ ደብረ ታቦር አድሯል። የ207 ቁልፍ ከመስቀያው አልወረደም።