ግራፌ ገደል ገባ

እኩለ ሌሊት አልፏል። የምሠራው ሥራ አስር ደቂቃ የማይፈጅ ነበር። አንድ ነጥብ ዜሮን መሃል አድርጎ ራዲየሱ 2 በሆነ ክብ ላይ ይዞራል፣ በየ45 ዲግሪው ይቆማል፣ እኔ ደግሞ በቆመበት ሁሉ ነጥቡ የሚወክለውን ኮምፕሌክስ ቁጥር ሎጋሪዝም አስልቼ ምናባዊ ክፍሉን ግራፍ ላይ አስቀምጣለሁ። ነጥቡ በዞረ ቁጥር ግራፉ እንደ ደረጃ ከፍ ከፍ እያለ እንዲሄድ ነው የጠበቅሁት።

ጀመረም። 0፣ 0.785፣ 1.571፣ 2.356፣ 3.142። ደስ የሚል ደረጃ! ቀጣዩ 3.927 መሆን ሲገባው −2.356 ሆኖ አረፈ። ግራፌ ሽቅብ ሲወጣ ቆይቶ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቁልቁል ተወረወረ።

መጀመሪያ ዲግሪና ሬዲያን አምታትቼ ይሆናል አልሁ፤ አላምታታሁም። ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበብሁት፤ ደህና ነው። ፕሮግራሙን ዘግቼ ከፈትሁ፤ ገደሉ እዚያው ነው። በመጨረሻ ጸያፍ ሥራ ሠራሁ፦ «ከ3.142 በኋላ የመጣውን ሁሉ ጣለው» የሚል መስመር ጨመርሁ። ይኼኔ ከክቡ ግማሹ ጠፋ።

ተስፋ ስቆርጥ ወደ ኋላ መመለስ ትዝ አለኝ። ሎጋሪዝም ትክክል ከሆነ e ወደዚያ ኃይል ሲነሳ የተነሳሁበትን ቁጥር መመለስ አለበት። ፕሮግራሙ የሰጠኝን 0.693 − 2.356i አስገባሁ፤ −1.414 − 1.414i ወጣ። ነጥቡ የቆመበት ቦታ ነው፣ ትክክል። እንግዲህ የእኔ 3.927 ስህተት ነው ማለት ነው? 0.693 + 3.927i አስገባሁ። −1.414 − 1.414i። እሱም ትክክል!

ሁለት የተለያዩ መልሶች፣ ሁለቱም ልክ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 6.283 ነው። ይህን ቁጥር ሳየው ነው ግንባሬን የመታሁት፤ 2π፣ አንድ ሙሉ ዙር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፕሌክስ ቁጥር ርዝመትና አንግል አለው። ሁለት እንዲህ ያሉ ቁጥሮችን ስታባዛ ርዝመታቸው ይባዛል፣ አንግላቸው ግን ይደመራል። ሎጋሪዝም ደግሞ ማባዛትን ወደ መደመር የሚቀይር ነገር ስለሆነ ከርዝመቱ ተራውን ሎጋሪዝም ይወስዳል፤ አንግሉ ቀድሞም የሚደመር ነውና በ i ተባዝቶ እንዳለ ይገባል። የእኔ ክብ ላይ ርዝመቱ ሁሌ 2 ስለሆነ እውናዊው ክፍል 0.693 ላይ ተቸክሎ ቀረ። ጣጣው ያለው አንግሉ ላይ ነው። ነጥቡን አይተህ የት እንደቆመ ታውቃለህ እንጂ እዚያ የደረሰው ስንት ጊዜ ዞሮ እንደሆነ አታውቅም። −1ን ውሰድ፦ በግራ ግማሽ ዙር ዞረህ πi፣ በቀኝ ግማሽ ዙር ዞረህ −πi፣ በግራ አንድ ተኩል ዙር ዞረህ 3πi ትላለህ። ሁሉም አንድ ቦታ ያደርሱሃል። ተራው አዎንታዊ ቁጥርም ከዚህ አያመልጥም፤ የ2 ሎጋሪዝም 0.693 ብቻ ሳይሆን 0.693 + 2πi፣ 0.693 − 2πi እያለ ይቀጥላል። ምናባዊ ክፍል የሌለውን መርጠን ስለለመድን ነው የማናየው።

ኮምፒውተር ግን አንድ መልስ ብቻ መስጠት አለበት። ስለዚህ አንግሉ ከ−π የሚበልጥና ከπ የማይበልጥ ይሁን የሚል ስምምነት አለ። ይህ ማለት በአሉታዊው መስመር ላይ አጥር ተተክሏል። የእኔ ነጥብ ከ180 ዲግሪ ወደ 225 ሲያልፍ አጥሩን ዘለለ፤ ፕሮግራሙም 225ን −135 ብሎ ጻፈው። ለባልደረባዬ ስነግረው «ኮዱ ምን አጠፋ? ስንት ጊዜ እንደዞርክ መች ነገርከው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በዚህ ጉዳይ ግራ የተጋባሁት እኔ ብቻ አለመሆኔ ትንሽ አጽናንቶኛል። በአውሮፓውያኑ 1712 እና 1713 የሒሳብ ሊቆቹ ላይብኒዝና ዮሃን ቤርኑሊ በደብዳቤ ሲከራከሩበት ነበር። የአሉታዊ ቁጥር ሎጋሪዝም ከአዎንታዊው ጋር አንድ ነው ለማለት የሚያጓጓ ስሌት አለ፦ −1 በራሱ ሲባዛ 1 ነው፤ ስለዚህ የ−1 ሎጋሪዝም እጥፉ የ1 ሎጋሪዝም፣ ማለትም ዜሮ ነው፤ እጥፉ ዜሮ ከሆነ እሱም ዜሮ ነው። እስቲ ስህተቱን ፈልጉ! ኦይለር በ1751 በታተመ ጽሑፉ ፈታው፤ ከዜሮ በቀር እያንዳንዱ ቁጥር ስፍር ቁጥር የሌለው ሎጋሪዝም አለው። የ−1ዎቹ የπi ጎዶሎ ብዜቶች ናቸው፤ የ1ዎቹ ደግሞ ተጋማሽ ብዜቶቹ፣ ዜሮን ጨምሮ። πi እና −πi ብትደምር ዜሮ ይመጣል፤ ከእነዚያ ሎጋሪዝሞች አንዱን ብቻ ወስደህ ብታጥፈው ግን ዜሮ በጭራሽ አይመጣም። ስሌቱ ሁለት የተለያዩ መልሶችን እንደ አንድ ቆጥሮ ነው የሸወደን።

ወደ ገደሌ ልመለስ። መድኃኒቱ ሁለት መስመር ነው፦

```python
w = np.log(z)
y = np.unwrap(w.imag)
```

ሁለተኛው መስመር ጎረቤት ነጥቦችን ያወዳድራል። ልዩነታቸው ከπ ከበለጠ አጥር ተዘሏል ብሎ 2π ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ደረጃዬ ተስተካከለ፤ ሦስት ዙር አዞርሁት፣ ሳይንገዳገድ ወጣ።

ይኼኔ ነው የጠገብሁት። ነጥቦች በዙ ብዬ እርምጃውን ከ45 ወደ 225 ዲግሪ አሳደግሁት። ግራፉ በእርጋታ፣ ያለ አንዳች ገደል፣ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ወደ ፊት የሚሄደው ነጥቤ ወደ ኋላ እየዞረ ነው! ለካ 225 ወደ ፊትና 135 ወደ ኋላ ከሁለት ፎቶ አይለዩም፤ መሣሪያው አጭሩን ይመርጣል። እርምጃህ ከግማሽ ዙር ማነስ አለበት። የሚያስፈራው ደግሞ እንዲህ ያለው ስህተት ግራፉን የሚያምር ማድረጉ ነው።

አንድ ነገር ግን ወደድሁ። የክቡን መሃል ወደ −5 ሳዛውር ነጥቡ አጥሩን በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይዘላል፣ ግራፉም ሁለት ጊዜ ይዘላል። ሲስተካከል ግን ከ180 ዲግሪ ላይ 23.6 ዲግሪ ያህል ወዲያና ወዲህ ብሎ ወደ ተነሳበት ይመለሳል። ዜሮን ስላልዞረ ምንም አልተጠራቀመም። አጥሩ የእኛ ስምምነት ነው፤ ወደ ሌላ አቅጣጫ ብናዞረውም ያው ነው። ዜሮን መዞር ግን በስምምነት አይቀየርም።

ልተኛ ስል ለመጨረሻ ጊዜ −1ን በሁለት መንገድ ጻፍሁ፦

```python
>>> cmath.log(-1+0j)
3.141592653589793j
>>> cmath.log(-(1+0j))
-3.141592653589793j
```

ሁለተኛው ላይ የመቀነስ ምልክቱ ምናባዊውን ዜሮም አገላብጦ −0 አድርጎታል፤ ፕሮግራሙም በአጥሩ ታችኛው ጎን ቆሞ እንደመጣ ቆጠረው። በዜሮ ምልክት ብቻ አንድ ሙሉ ዙር ተለያዩ። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ናቸው ወይ ብዬ በ`==` ጠየቅሁት። `True` አለኝ።