የአንድ ሳምንት የሒሳብ ክለሳ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቼን የሙከራ ፈተና ወረቀቶች እያገላበጥኩ የመጪውን ሳምንት የክለሳ ዕቅድ አዘጋጀሁ። ከብሔራዊ ፈተናው በፊት የቀሩን አምስት የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜዎች ብቻ ስለሆኑ፣ ሁሉንም ምዕራፍ በሩጫ ከመዳሰስ ይልቅ በብዙ ምዕራፎች ውስጥ ነጥብ የሚያስጥለውን አንድ ስሕተት ማረም ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

(x − 1)/(x + 2) ≥ 2 ለሚለው ጥያቄ ብዙዎቹ ሁለቱንም ወገን በ x + 2 አባዝተው x ≤ −5 ብለው መልሰዋል፤ x + 2 ኔጌቲቭ ሲሆን ምልክቱ እንደሚገለበጥ አላስተዋሉም። x = −6ን ብንተካ የምናገኘው 1.75 ነው፣ ይህም ከ2 ያንሳል። ከመልሳቸው ውጭ ያስቀሩት −3 ግን 4 ይሰጣል። ትክክለኛው መንገድ 2ን ወደ ግራ አምጥቶ ወደ (x + 5)/(x + 2) ≤ 0 ማቅለልና በ−5 እና በ−2 በተከፈለው የቁጥር መስመር ላይ የእያንዳንዱን ክፍል ምልክት መመርመር ነው። መልሱም −5 ≤ x < −2 ይሆናል፤ −2 ታህቱን ዜሮ ስለሚያደርግ አይካተትም።

ሰኞ ይህንኑ እንሠራለን። ማክሰኞ ያው የምልክት ሠንጠረዥ አንድ ፈንክሽን የት እንደሚጨምርና የት እንደሚቀንስ በዴሪቫቲቭ ለመለየት ያገለግለናል። ቀመር ማጥናቱን ለቤት ትቼዋለሁ። ረቡዕ የጂኦሜትሪ ጥያቄዎችን እናያለን፤ ሐሙስ ደግሞ ሳላስጠነቅቅ ቁጥሮቹን የቀየርኩትን ተመሳሳይ ጥያቄ እሰጣለሁ፤ አሁንም በታህቱ የሚያባዙ ካሉ የዓርቡ ክፍለ ጊዜ የእነርሱ ነው።