ራውዝ ሰንጠረዥ ላይ ዜሮ ሲመጣ፦ ከኮንትሮል ኮርስ የተገኘ ልምድ

አንድ ሲስተም ስቴብል መሆኑን የዲኖሚኔተሩን ሥሮች ሳንፈታ በሰንጠረዥ የምናይበትን የራውዝ ዘዴ ጥያቄዎች አሁን ምልክት ሳልሳሳት መጨረስ ችያለሁ። ለረጅም ጊዜ ያስቸገረኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በሰንጠረዡ ውስጥ ዜሮ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ። ሌላውን ቶሎ አልፌ እዚያ ላይ እቆያለሁ።

ምሳሌያችን የሞተርን ዘንግ ማዕዘን የሚቆጣጠር ዩኒቲ ፊድባክ ሲስተም ይሁን፤ የኦፕን ሉፕ ትራንስፈር ፈንክሽኑ `G(s) = K/(s(s+2)(s+4))` ነው። ብቻውን የቆመው `s` የመጣው ማዕዘን የፍጥነት ኢንቲግራል ስለሆነ ነው። ሁለቱ ቅንፎች ደግሞ ሞተሩና ማጉያው የሚያዘገዩት ናቸው፤ ታይም ኮንስታንታቸው 0.5 እና 0.25 ሰከንድ ነው። ሉፑ ሲዘጋ `G/(1+G)` ይሆናል፤ ሲቃለል ዲኖሚኔተሩ `s^3 + 6s^2 + 8s + K` ነው። ራውዝ የሚሠራው በዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው በጥድፊያ የኦፕን ሉፑን ዲኖሚኔተር ሰንጠረዥ ውስጥ ያስገባል፤ ያኔ `K` ከስሌቱ ጠፍቶ ይቀራል። ሰንጠረዣችሁ ውስጥ `K` ከሌለ ወደ ኋላ ተመለሱ።

```
s^3 |  1         8
s^2 |  6         K
s^1 | (48-K)/6   0
s^0 |  K
```

የሦስተኛውን ረድፍ ቁጥር ለማግኘት በዲተርሚናንት ቀመር አትሂዱ፤ የምልክት ስህተት የሚወለደው እዚያ ነው። የግራ ታችኛውን በቀኝ ላይኛው አባዙ፣ ከዚያ የግራ ላይኛውን በቀኝ ታችኛው አባዝታችሁ ቀንሱ፣ ውጤቱን ለግራ ታችኛው አካፍሉ፦ `(6·8 − 1·K)/6`። ሲስተሙ ስቴብል የሚሆነው የመጀመሪያው ዓምድ ሙሉ በሙሉ ፖዘቲቭ ሲሆን ነው፤ ለዚህ `K` ከ0 በላይ፣ ከ48 በታች መሆን አለበት። እስከዚህ ድረስ ማንም አይቸገርም።

ችግሩ የሚጀምረው "በ`K` = 48 ምን ይሆናል?" ሲባል ነው። የ`s^1` ረድፍ ዜሮ ይሆናል። ብዙዎቻችን ያኔ እጃችን በልማድ ወደ ኤፕሲሎን ይሄዳል፤ ዜሮውን በትንሽ ፖዘቲቭ ቁጥር ተክተን እንቀጥላለን። የ`s^0` ረድፍ `48ε/ε`፣ ማለትም 48 ይወጣል። ዓምዱ 1፣ 6፣ `ε`፣ 48 ሆነ፤ ምልክት የተቀየረበት ቦታ የለም፤ "ስቴብል ነው" ብለን እንጽፋለን። መልሱ ስህተት ነው። ከሁሉ የሚያስቸግረው ደግሞ ስሌቱ ውስጥ አንድም የሒሳብ ስህተት አለመኖሩ ነው፤ እኔም ይህንኑ ስህተት ደጋግሜ ሠርቻለሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ ሁለት ዓይነት ዜሮ አለ። አንደኛው በመጀመሪያው ዓምድ ላይ ብቻ የሚወድቅ ዜሮ ሲሆን በዚያው ረድፍ ውስጥ ሌላ ዜሮ ያልሆነ ቁጥር አለ። ሁለተኛው ረድፉ በሙሉ ዜሮ የሚሆንበት ነው። በሦስተኛ ዲግሪ ሰንጠረዥ የ`s^1` ረድፍ አንድ ቁጥር ብቻ ስላለው ሁለቱ ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ያቺ አንዲት ቁጥር ዜሮ ስትሆን ግን ረድፉ በሙሉ ዜሮ ነው። ኤፕሲሎን የሚሠራው ለመጀመሪያው ዓይነት ነው።

የመጀመሪያውን ዓይነት በግልጽ ለማየት `s^4 + s^3 + 2s^2 + 2s + 3`ን ሞክሩ።

```
s^4 |  1          2    3
s^3 |  1          2    0
s^2 |  0 -> ε     3
s^1 |  (2ε-3)/ε   0
s^0 |  3
```

እዚህ ከዜሮው አጠገብ 3 ስላለ ኤፕሲሎን ትክክለኛ መሣሪያ ነው። `ε` እጅግ ትንሽ ፖዘቲቭ ሲሆን `(2ε-3)/ε` ትልቅ ኔጌቲቭ ይሆናል። ምልክቱ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ፖዘቲቭ፣ ሁለት ጊዜ ይቀየራል፤ የለውጡ ብዛት ከኢማጂነሪ አክሲስ በቀኝ ያሉትን ፖሎች ብዛት ስለሚነግረን ሁለት ፖሎች በቀኝ በኩል አሉ። `ε`ን ኔጌቲቭ አድርጋችሁ ብትሞክሩም ለውጡ ሁለት ነው፤ እንዲህ በሁለቱም ምልክት ማረጋገጥ ጥሩ ልማድ ነው።

አሁን ወደ `K` = 48 እንመለስ። ረድፉ በሙሉ ዜሮ ሲሆን ከእሱ በላይ ያለውን ረድፍ ወስደን ኦግዚላሪ ፖሊኖሚያል እንሠራለን። ያ ረድፍ `s^2` ነው፣ ቁጥሮቹ 6 እና 48፤ ስለዚህ `6s^2 + 48`። እዚህ የሚሠራው ስህተት `6s^2 + 48s` ብሎ መጻፍ ነው። በራውዝ ረድፍ ውስጥ ኃይሉ ሁለት ሁለት እየዘለለ እንደሚወርድ አትርሱ። ዴሪቬቲቩ `12s` ስለሆነ በዜሮው ቦታ 12 እናስገባለን፤ የ`s^0` ረድፍ 48 ይወጣል። ከዚያ በታች የምልክት ለውጥ አለመኖሩ የሚነግረን በቀኝ በኩል ፖል እንደሌለ ብቻ ነው። ፖሎቹ የት እንዳሉ የሚናገረው ኦግዚላሪው ራሱ ነው፦ `s = ±j√8`፣ ማለትም ±j2.83። ሁለቱ ኢማጂነሪ አክሲስ ላይ ተቀምጠዋል። ሲስተሙ ማርጂናሊ ስቴብል ነው፤ በ2.83 ራዲያን በሰከንድ፣ አንዱ ዙር 2.2 ሰከንድ ገደማ እየወሰደ ሳይቆም ይወዛወዛል። አንድ ጥንቃቄ፦ የኦግዚላሪው ሥሮች ከመነሻው ነጥብ ግራና ቀኝ እኩል ርቀት ያላቸው ሪል ቁጥሮችም ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ሳትፈቱት "ማርጂናል" ብላችሁ አትጻፉ።

ለምን እንደሚወዛወዝም በፌዝ ማየት ይቻላል። በ2.83 ላይ ኢንቲግሬተሩ 90 ዲግሪ ያዘገያል፣ `(s+2)` 54.7፣ `(s+4)` 35.3፤ ድምሩ 180 ነው። ማስተካከያው ግማሽ ዙር ዘግይቶ ስለሚደርስ ስህተቱን መቀነሱ ቀርቶ ወደዚያው አቅጣጫ ይገፋዋል። `K` = 48 ያ ግፊት በትክክል ያን ያህል ሆኖ የሚመለስበት ጌይን ነው። መልሳችሁን በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ፦

```python
import numpy as np
print(np.roots([1, 6, 8, 48]))
```

ሥሮቹ −6 እና ±j2.83 ናቸው፤ `(s+6)(s^2+8)` አባዝታችሁም ታዩታላችሁ። ኮምፒውተሩ ግን ለኢማጂነሪዎቹ እጅግ ትንሽ ሪል ክፍል ሊጨምርባቸው ይችላል። ያ የአጠጋግቶ ማስላት ትርፍ እንጂ የሲስተሙ ፖል አይደለም፤ የድንበር ጥያቄ ላይ ራውዝን በእጅ መሥራትን የምመርጠው ለዚህ ነው።

በመጨረሻ ከሁሉ በላይ የምወደው ዘዴ፦ ድንበሩን ማንቀሳቀስ። 48 የሚነግረን ሲስተሙ የሚፈነዳበትን ጌይን ብቻ ነው፤ በ`K` = 47 ስቴብል ቢሆንም ውዝዋዜው እስኪረግብ ብዙ ይቆያል። በ8 ሰከንድ ገደማ እንዲረጋ ከፈለግን ፖሎቹ ሁሉ ከ−0.5 ግራ መሆን አለባቸው፤ ሴትሊንግ ታይም በግምት 4 ለዚያ ርቀት ሲካፈል ነውና። በ`s` ቦታ `z − 0.5` ተኩ። `z^3 + 4.5z^2 + 2.75z + (K − 2.625)` ይወጣል። ራውዙን ስትሠሩ `K` ከ2.625 በላይ፣ ከ15 በታች መሆን አለበት። ከ48 ወደ 15 ወረደ።

በ`K` = 15 ላይ ዲኖሚኔተሩ `(s+5)(s^2+s+3)` ስለሚሆን ሁለቱ ፖሎች −0.5 ± j1.66 ናቸው፤ በትክክል ድንበሩ ላይ። ዳምፒንግ ሬሾው ግን 0.29 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ኦቨርሹቱ ትልቅ ይሆናል። ቀጥ ያለ መስመር ማንቀሳቀስ ይህን አያሳይም። ለኦቨርሹት ገደብ ከተሰጣችሁ ከ15 በታች ያለውን `K` በሩት ሎከስ ፈልጉ።