«ጥቂት ፍሬ ብቻ ቀርቷል» ከማለታችሁ በፊት

ባሕር ዳር ውስጥ በእጅ የሚሠሩ የቆዳ ቦርሳዎችን በቴሌግራም ቻናል እሸጣለሁ። ወርክሾፓችን ትንሽ ነው። እኔ እቆርጣለሁ፣ ሁለት ልጆች ይሰፋሉ። ዕቃ የምናወጣው አልፎ አልፎ፣ ያውም በጥቂቱ ነው። ስለዚህ «በድጋሚ ገብቷል» የሚለው ፖስት ለእኛ ትልቅ ጉዳይ ነው። ቀላልም ይመስላል። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ግን ከስንት ጭቅጭቅ በዳንኩ።

ፎቶውን ጠዋት በር ላይ አንሱት፤ ፍላሽ ቆዳውን ያንጸባርቀዋል። መጠኑን በሴንቲሜትር ጻፉ። ዋጋውንም ጻፉ። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚባለውን ነገር እኔ ራሴ ገዢ ስሆን ዝም ብዬ አልፈዋለሁ።

ዋናው ነገር ቁጥሩ ነው። እኛ «9 ብቻ» ስንል ምክንያት አለን። አንድ የፍየል ቆዳ አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 6 ስኩዌር ፊት ገደማ ነው። ለአንድ ትልቅ የትከሻ ቦርሳ ግን አንድ ቆዳ አይበቃም፤ ሙሉው ስለማይሠራ። የሆዱ አካባቢ ይለጠጣል። ማንጠልጠያውን ከዚያ ከቆረጣችሁት ብዙም ሳይቆይ ይረዝማል። ከዚያ ደግሞ እከክ አለ። በጎችና ፍየሎች ላይ ከሚኖሩ ተባዮች የሚመጣ ምልክት ነው። ፀጉሩ እስኪነሳ ድረስ አይታይም። ያለቀለትን ቆዳ መስኮት ጋ ወስዳችሁ ጋደም አድርጋችሁ ብታዩት፣ ሰሊጥ የተበተነበት ይመስላል። እሱን እየዘለልን ስንቆርጥ ከአንድ ጥቅል ቆዳ የሚወጣው ቦርሳ ይቀንሳል። ቀለሙም ቢሆን ከዙር ዙር ይለያያል። የዛሬው ቡናማ በሚቀጥለው ዙር ቀላ ብሎ ሊመጣ ይችላል። የፊቱን ከአንዱ ዙር፣ የኋላውን ከሌላው ብሰፋው ያስታውቃል። ስለዚህ ቆዳው ሲያልቅ ያ ቦርሳ አለቀ ማለት ነው።

ባለፈው ዙር ቡናማ 5፣ ጥቁር 4 ወጣልን። ፖስቱን ከመጻፌ በፊት የኦንላይን ሽያጭ ስልጠና ወስጄ ነበር። አሰልጣኙ ያሉንን አልረሳውም። «20 ቢኖራችሁም 2 ቀረ በሉ፣ ሰው ካልቸኮለ አይገዛም» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «የሒሳብ ቁጥራችሁን ፖስቱ ላይ አድርጉት፣ ገዢ ጠይቆ መልስ እስኪጠብቅ ሐሳቡን ይቀይራል» አሉ። የመጀመሪያውን አልተቀበልኩም። ሁለተኛው ግን ውሸት ስለሌለበት ምንም አልመሰለኝም። እንዲህ ብዬ ለጠፍኩ፦

«በድጋሚ ገብቷል! የፍየል ቆዳ የትከሻ ቦርሳ። ቡናማ 5፣ ጥቁር 4 ብቻ። ዋጋ 3,800 ብር። በዚህ ቀለም ሌላ አይሠራም። ክፍያ በቴሌብር በሚከተለው ቁጥር።»

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር፤ ለዚያች ሰዓት። ቡናማው በዚያው ምሽት አለቀ። ወዲያው ፖስቱን ኤዲት አድርጌ «ቡናማ አልቋል» አልኩና ተኛሁ።

ለካ አንድ ትልቅ የመሸጫና መግዣ ግሩፕ ያለው ሰው፣ ሳይጠይቀኝ፣ ፖስቱን ገና ትኩስ ሳለ ፎርዋርድ አድርጎት ኖሯል። ቴሌግራም ላይ ፎርዋርድ የተደረገ ፖስት ራሱን የቻለ ቅጂ ነው። ዋናውን ብታስተካክሉ ቅጂው አይስተካከልም። ብታጠፉትም አይጠፋም። እኔ ቻናል ላይ «አልቋል» እያልኩ፣ እዚያ ግሩፕ ውስጥ ቡናማው አሁንም 5 ነው። ከሥሩ ደግሞ የእኔ ቴሌብር ቁጥር።

ጠዋት ስልኬን ስከፍት 3,800 ብር ገብቷል። ላኪዋ ጎንደር ያለች ሴት ናት።

«የኔ እህት፣ ብሩ ደረሰሽ አይደል? ቡናማውን ነው የምፈልገው።»

«ይቅርታ የኔ እመቤት፣ ቡናማው ትናንት ማታ አልቋል።»

«እንዴ! 5 አለ ይላል እኮ። ሳያልቅብኝ ብዬ ነው በሌሊት የላክሁት።»

ስክሪንሾቱን ላከችልኝ። እውነቷን ነው፣ 5 ይላል። ጥቁሩን አልፈለገችም። ብሯን ሙሉውን መለስኩ፤ የማስተላለፊያውን ክፍያ ከራሴ ቻልኩ። እሷ ጨዋ ነበረች። ከእሷ በኋላ የመጡት ሁሉ ግን እንደሷ አልነበሩም። አንዱማ ገና ብሩን ሳልመልስለት ግሩፑ ላይ «ብር ተቀብለው የሚጠፉ ናቸው» ብሎ ጻፈ። የግሩፑን ባለቤት በኢንቦክስ ለምኜ ፖስቱን እንዲያወርደው ጠየቅሁት። መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ፖስት ለማጥፋት ክፍያ አለው።» እኔ ያልለጠፍኩትን ፖስት! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የሚያናድደው ደግሞ ሌላ ነው። 20 ቦርሳ ደብቆ «2 ቀረ» የሚል ነጋዴ ይህ ችግር አይደርስበትም። ቅጂው ወር ሙሉ ቢዞር፣ ለመጣው ሁሉ የሚሰጠው ዕቃ አለው። እውነተኛ ቁጥር የሚጽፍ ሰው ግን ቁጥሩ በየሰዓቱ ያረጅበታል። ስለዚህ አሁን የምጽፈው እንዲህ ነው፦

«በድጋሚ ገብቷል። የፍየል ቆዳ የትከሻ ቦርሳ፣ 3,800 ብር። ሐሙስ ማታ 1 ሰዓት ላይ ቡናማ 5፣ ጥቁር 4 አለን። ቆዳው ከአንድ ዙር ስለሆነ በዚህ ቀለም አይደገምም። ሌላ ቀለም ግን ቆይቶ ይመጣል። ይህ ፖስት ከሌላ ቦታ ከደረሳችሁ ከላይ የቻናሉን ስም ነክታችሁ ግቡና የቀረውን እዩ። ሳንይዝላችሁ ብር አትላኩ።»

ቁጥሩ ከነሰዓቱ ነው። በማግስቱ የሚያነበው ሰው የትናንት ወሬ መሆኑን ያውቃል። «ማታ» የሚለውን አትርሱ። ቴሌግራም ከፖስቱ ሥር የሚያሳየው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ፣ ውጭ ያለ ዘመድ «1 ሰዓት»ን ብቻ ካየ ይደናገራል። ቁጥሩን ፎቶው ላይ አትጻፉት። ፎቶ ወደ ስልክ ይወርዳል፣ ሌላ ቦታ ይለጠፋል፤ የቻናላችሁ ስም እንኳ አብሮት አይሄድም።

የሒሳብ ቁጥር ፖስት ላይ የለም፣ አሰልጣኙ ይቅር ይበሉኝ። ገዢው ኢንቦክስ ይጽፋል፣ ዕቃው ካለ «እስከ ዛሬ ማታ 3 ሰዓት ተይዞልዎታል» እለውና ቁጥሩን እልካለሁ። ስክሪንሾት አይቼ ቦርሳ አልሰጥም፤ ብሩ የእኔው ሒሳብ ውስጥ መግባቱን አያለሁ። ሐሳቡን የቀየረ ሰው የለም ማለቴ አይደለም፣ አለ። እሱ ይሻለኛል።

አንዳንዶች «Restrict saving content» የሚለውን አብሪውና ፎርዋርድ ማድረግ ይከልከል ይሉኛል። አላደርገውም። እዚህ አገር ቦርሳ የሚገዛው ለእህት፣ ለጓደኛ ታይቶ፣ «ይሄኛው ይሻላል» ተብሎ ነው። ያንን መንገድ ዘግቼ ለማን ልሸጥ?

ሲያልቅ ደግሞ ፖስቱን አላጠፋውም። ባጠፋው ከቅጂው ላይ ተነስቶ የሚመጣው ሰው ምንም አያገኝም፤ ቅጂውን ያምናል። ኤዲት ሳደርግ ለማንም ድምፅ ስለማይሰማ ማንንም አልረብሽም። በመጀመሪያው መስመር ላይ «ዓርብ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ሁሉም አልቋል» ብዬ እተወዋለሁ።